ጥያቄው ተመለሰ፣ ጠያቂዎቹ ተበተኑ

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ምሽት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው አፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ስድስት ኪሎ ግቢ አስገብተው ሲያለቅሱና መፈክር ሲያሰሙ፣ ወታደሮች ግቢው ገብተው ተኮሱባቸው። የሞተው ሞተ፣ የታሰረው ታሰረ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ጸጥ አለች። ዘውዱ አልተነቃነቀም፤ ሚኒስትሮቹም ከወንበራቸው አልተነሡም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም.፣ ያው ተማሪ በዚያው ጎዳና ያንኑ መፈክር ይዞ ወጣ። በዚህ ጊዜ ግን ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከዙፋን ወረዱ።

በሁለቱ መካከል ምን ተለወጠ? የተማሪው ድፍረት አልጨመረም፤ በ1962ም ቢሆን ለሞት ቆርጦ ነበር የወጣው። ምሬቱም አዲስ አልነበረም፤ ጭሰኛው ከዚያ በፊትም ጭሰኛ ነበር። ድሮ ምሁራን ሕዝብ የሚነሣው ሲመረው ነው ይሉ ነበር። ይህ አባባል ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አቅቶታል፤ ምሬት ሁልጊዜና በየቦታው ካለ፣ ሕዝብ ለምን አንድ ቀን ይነሣል፣ ሌላ ቀን ዝም ይላል? አሜሪካውያኑ ጆን ማካርቲና ሜየር ዛልድ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ ትኩረቱን ከምሬት ወደ አቅም አዞሩት። ሰው፣ ገንዘብ፣ መሰብሰቢያ ቦታና መልእክት ማስተላለፊያ የሌለው ብሶት ብሶት ሆኖ ይቀራል አሉ። ዳግ ማካዳም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ትግል በጻፈው መጽሐፍ፣ አቅም ብቻውን እንደማይበቃ፣ በሥልጣን ላይ ያለው ኃይል ራሱ መሰንጠቅና መዳከም እንዳለበት አሳየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዴቪድ ስኖውና ባልደረቦቹ ሦስተኛውን ጨመሩ። ሰው የሚንቀሳቀሰው ችግሩ በምን መልክ እንደቀረበለት፣ ጥፋተኛውና መፍትሔው ማን እንደሆነ እንደተነገረው ነው አሉ። አቅም፣ ፖለቲካዊ ዕድልና የጥያቄ አቀራረጽ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በኔ እምነት ሦስቱን አንድ ላይ አስተሳስሮ ለማየት ከኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ ጥቂት ነው። ጥያቄው አሸንፎ ጠያቂዎቹ ተሸንፈውበታልና።

ከአቅም እንጀምር። የተማሪው ንቅናቄ አቅም አብዛኛው የተገኘው ከራሱ ከመንግሥት እጅ ነው። ዘመናዊ ቢሮክራሲ ለማደራጀት የተማረ ሰው ያስፈልግ ስለነበር፣ ዘውዱ ኮሌጆችን አቋቁሞ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር አሰባሰባቸው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ወጣቶች በአንድ ግቢ ማደሪያ አገኙ፤ በአንድ ካፍቴሪያ ተመገቡ፤ የመሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ማባዣ ማሽን አገኙ። መንግሥትን ለማገልገል ተብሎ የተሠራው ቤት መንግሥትን የሚከራከር ትውልድ መገናኛ ሆነ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚማሩት ኢትዮጵያውያንም የየራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። እዚያ ያለ ቅድመ ምርመራ የታተመ ጽሑፍ አዲስ አበባ ይገባ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር፣ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ተደረገ። ዓላማው ገጠሩን በመምህር ማገዝ ነበር። ውጤቱ ግን ሁለት ሆነ። የከተማው ልጅ ጭሰኛው ምርቱን ለባለመሬቱ ሲያካፍል በዓይኑ አየ። የንቅናቄው ሐሳብ ደግሞ በነዚሁ አስተማሪዎች በኩል በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ላይ አድማ ሲጠራ በየክፍለ ሀገሩ ከተሞችም ተማሪ መውጣት ጀመረ። ማንም በጀት ያልመደበለት፣ ማንም በእቅድ ያልዘረጋው መረብ ነበር።

አቅሙ የጎደለውም ነገር ግልጽ ነበር። ተማሪ በአራትና በአምስት ዓመት ይመረቃል፤ መሪዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ቋሚ ገንዘብ የለም። በስሙ የሚጮሁለት ገበሬ የንቅናቄው አባል አልነበረም። መሣሪያ ደግሞ አንድም አልነበረም። ይህ ጉድለት በ1962 ዋጋ አስከፈለ፤ በ1967 ደግሞ የባሰ ዋጋ ያስከፍላል።

ወደ ጥያቄው አቀራረጽ እንምጣ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች ፓርላማው በባለመሬትና በጭሰኛ ግንኙነት ላይ ሲወያይ በሰልፍ ወጥተው “መሬት ላራሹ!” አሉ። ስኖውና ባልደረቦቹ አንድ ሐሳብ ሰውን ለማንቀሳቀስ ሦስት ሥራ መሥራት አለበት ይላሉ፤ ጥፋቱ የት እንደሆነ ማሳየት፣ መፍትሔውን መናገር፣ ለምን አሁን መነሣት እንደሚገባ ልብ ውስጥ ማስገባት። ይህ መፈክር በሁለት ቃል ሦስቱንም ሠራ። ጥፋቱ ሳያርስ የሚበላው ነው፤ መፍትሔው መሬቱን ለሚያርሰው መስጠት ነው፤ ፍርዱ ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ ገበሬ ሳይማር የሚያውቀው፣ የለፋ ይብላ የሚለው ነው። በደቡብ ምርቱን ሲሶ ወይም እኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ለሚያካፍል፣ ከመሬቱ በማንኛውም ጊዜ ሊነቀል ለሚችል ጭሰኛ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር።

ይሁንና አንድ መፈክር በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይሰማም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች አመፁ፤ ያመፁት ግን መሬት ስጡን ብለው አልነበረም። አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታውጆ ነበር። ገበሬው የመሬት ልኬታና ምዝገባ ሲመጣ ርስቱ ሊነካ ነው ብሎ ሠጋ። ለባለርስት ገበሬ መሬት ላራሹ የሚለው ቃል ያለውን የሚሰጠው ሳይሆን ከአባቱ የወረሰውን የሚያጠያይቅበት ሊመስለው ይችል ነበር። የጎጃም ገበሬ ዩኒቨርሲቲ አልነበረውም፤ ነገር ግን በዘመድና በደብር የተሳሰረ ማኅበረሰብ፣ ጠመንጃም ነበረው፤ ጥያቄውም ጠባብና ግልጽ ነበር። መንግሥት በመጀመሪያ ጦር ላከ፤ በኋላ ግን ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሣ፣ ውዝፍ ግብሩንም ማረ። በዚያው ዘመን ተማሪው በየዓመቱ እየጮኸ ያላገኘውን ድል ያ አመፅ አገኘ፤ ምክንያቱም የጠየቀው ዘውዱ ሥርዓቱን ሳይለውጥ ሊሰጠው የሚችለውን ነበር። መሬት ላራሹ ግን እንዲህ አልነበረም። ለዘውዱ ያንን መስጠት የቆመበትን መሠረት መስጠት ነበር።

ጥያቄው ለረጅም ጊዜ የተማሪ ጥያቄ ሆኖ ቆየ። ከከተማው ሕዝብ ልብ ያገናኘው የወሎ ረሃብ ይመስለኛል። በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አሳዩ፤ ተማሪዎችም ረሃቡን አትደብቁ ብለው ተነሡ። በቀጣዩ ጥቅምት ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም አወቀው። ከዚያ ወዲህ የመሬት ነገር የሕግና የኢኮኖሚ ክርክር መሆኑ ቀረ። መንግሥት ሕዝቡ ሲያልቅ ደብቋል የሚል ክስ፣ መሬት የምታክል ጥያቄ የማይገባው የአዲስ አበባ ቤተሰብ እንኳ የሚገባው ክስ ነበር።

አቅም አለ፣ መፈክር አለ፣ ምሬት አለ። ይህ ሁሉ በ1965ም ነበር፤ ዘውዱ ግን ቆሟል። ሦስተኛው ነገር የመጣው ከተማሪው ግቢ ሳይሆን በስተ ደቡብ ጫፍ ካለ የጦር ሠፈር ነው።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሠፈሩ ወታደሮች በመጥፎ ምግብና በውሃ ምክንያት አመፁ። የነሱ የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር፤ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ አናጠጣም አሉ። ጉዳዩን ሊያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው ከነሱ ምግብ እንዲበሉ፣ ከነሱ ውሃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። ይህ ሲታይ ትንሽ ነገር ይመስላል። ትልቅ ያደረገው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ያመፀ ወታደር አልተቀጣም። ወሬው በጦሩ የሬዲዮ መገናኛ ከክፍል ወደ ክፍል ተላለፈ። ወታደር ሁሉ አንድ ነገር ተማረ፤ አለቃን ይዞ መደራደር ይቻላል።

በየካቲት መጀመሪያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በመናሩ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፤ ባለታክሲዎች ተበሳጩ። መምህራን ደግሞ የትምህርት ሴክተር ሪቪው በሚባለው እቅድ ላይ ተቃውሞ ነበራቸው። እቅዱ የድሃውን ልጅ በአጭር ትምህርት አስቀርቶ ከፍተኛውን ደረጃ ይዘጋበታል የሚል ሥጋት በወላጆችና በተማሪዎችም ዘንድ ነበር። የካቲት 11 ቀን መምህራኑም ባለታክሲዎቹም ሥራ አቆሙ፤ ተማሪው ከነሱ ጋር አደባባይ ወጣ። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን፣ ባለታክሲው የወጣው ለመሬት ላራሹ ብሎ እንዳልነበረ ነው። ለየራሱ ነገር የወጣ ሕዝብ በአንድ ቀን አንድ ጎዳና ላይ ተገናኘ።

መንግሥት ቤንዚኑን በከፊል ቀነሰ፤ የትምህርት እቅዱን አዘገየ፤ ለወታደሩ ደመወዝ ጨመረ። እንዲህ ያለ ነገር በጎ ቀን ላይ ቢደረግ ያበርድ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን እያንዳንዱ ስጦታ ለሌላው ወገን ተጨማሪ ቢጠይቅ እንደሚሰጠው የሚነግር ምልክት ሆነ። ወታደሩ የተጨመረለት አነሰኝ አለ፤ አስመራ ያለው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ከተማዋን ያዘ፤ ሌሎች ክፍሎችም ተከተሉ። ካቢኔው ሥራውን ለቀቀ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የካቲት 28 የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ለአራት ቀን የቆየ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ሚያዝያ 12 የሙስሊሙ ኅብረተሰብ ለእኩልነት የጠራው ታላቅ ሰልፍ አዲስ አበባን ሞላ።

የፖለቲካ ዕድል የሚባለው ይህ ነው፤ ዘውዱ ደግ ስለሆነ የተገኘ አይደለም። አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን በ1965 ታመው ውጭ አገር ሄደው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆነዋል፤ ከሳቸው በኋላ ማን ይነግሣል የሚለው አልተቆረጠም። ሹማምንቱ እርስ በርሳቸው ይጠባበቁ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ በ1962 በተማሪ ላይ የተኮሰው ወታደር በ1966 ራሱ ጥያቄ ያለው ሰው ነበር። የሁለቱን ዓመታት ልዩነት በአንድ ነገር ግለጽ ብባል፣ የጠመንጃው አፈሙዝ ወዴት እንደዞረ ነው የምለው።

እዚህ ላይ ይህ ትንታኔ የሚፈተንበት ቦታ አለ። በሩ ተከፍቷል ማለት ነገሩ ካለፈ በኋላ ቀላል ነው። ታኅሣሥ 1953 መንግሥቱና ገርማሜ ንዋይ ዘውዱን ሊገለብጡ ሲነሡ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ቤተ መንግሥቱ ራሱ ተከፍሎ ነበርና ያየ ሰው ሁሉ በሩ የተከፈተ ይመስለው ነበር። ምድር ጦርና ቤተ ክርስቲያን ከዘውዱ ጎን ሲቆሙ ግን ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ስለዚህ አስቀድሞ መለየት የሚፈልግ ሰው መሪዎች ተጣሉ የሚለውን ወሬ ብቻ ሳይሆን ሁለት ነገር ማየት ይኖርበታል፤ ትእዛዝ የጣሰ ወታደር ይቀጣል ወይ? መንግሥት የሰጠው ነገር ጩኸቱን ያበርዳል ወይስ ይጨምራል? በ1953 ያመፀው ተቀጣ። በ1966 አልተቀጣም፤ ስጦታውም እሳቱን አባሰ።

በሩ ሲከፈት የገባው ግን የቀደመው አልነበረም። በሰኔ 1966 ከየጦር ክፍሉ፣ ከፖሊስና ከብሔራዊ ጦር የተወከሉ፣ ከሻለቃ ማዕረግ ያልበለጡ መቶ ሃያ ያህል ሰዎች አዲስ አበባ አራተኛ ክፍለ ጦር ተሰብስበው ደርግን አቋቋሙ። በዚህ ጊዜ በአገሪቱ ከአስመራ እስከ ነገሌ ድረስ ተወካይ በቀናት ውስጥ ጠርቶ ማሰባሰብ የሚችል፣ ሬዲዮ፣ መኪና፣ የእዝ ሰንሰለትና መሣሪያ ያለው ድርጅት ጦሩ ብቻ ነበር። ኢሕአፓና መኢሶን የተመሠረቱት በውጭ አገር በኅቡዕ ነው፤ አብዮቱ ሲፈነዳ አገር ውስጥ ያላቸው ጥቂት ሰውና በማባዣ ማሽን የሚባዛ ወረቀት ነበር። የኢሕአፓ ዴሞክራሲያና የመኢሶን የሰፊው ሕዝብ ድምፅ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አሉ። ጥያቄው በከተማው ተሰማ፤ ሠራተኞቹም ደገፉት። የሠራተኛ ማኅበራቱ መሪዎች ግን ታሰሩ። ወረቀት የሚያሳምን ነገር አለው፤ ሚኒስቴር ግን አያስረክብም።

ደርጉ በአቅሙ ብቻ አልሄደም፤ በአቀራረጹም ብልህ ነበር። “ኢትዮጵያ ትቅደም” የሚለው መፈክር ጥፋተኛውን በስም አይጠራም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከንጉሡ ታማኝነት ጋር እንኳ አብሮ ይሄድ ነበር። ሁሉም የሚፈልገውን ሊያነብበት ይችል ነበር። ባለሥልጣናቱ አንድ በአንድ ታሰሩ፤ ዘውዱን በአንድ ቀን ማንም አልመታውም፤ ቀስ በቀስ ዙሪያው ባዶ ሆነ። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ባለው ምሽት ያ የወሎ ረሃብ ፊልም የቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕሎች ገብተውበት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ተማሪዎችና መምህራን ያነሡትን የረሃብ ክስ ጦሩ ለራሱ ሥልጣን መንገድ መጥረጊያ አደረገው።

ከዚያ ታኅሣሥ 1967 መጣ፤ እድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ። ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ተላከ። ብዙዎቹ ገበሬውን ለማንቃት በእምነት ሄዱ፤ ያንን ልብ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን የንቅናቄው ዋና አቅም ግቢው፣ ማደሪያው፣ ካፍቴሪያው፣ ሺህ ሰው በአንድ ሰዓት የሚሰበሰብበት አዳራሽ ነበር። ዘመቻው ያንን በአንድ ወር ውስጥ በትኖ በየወረዳው አንድ ጥቂት ሰው አደረገው። ደርጉ አስቦበትም ሆነ ሳያስብበት፣ ከወህኒ ቤት ይልቅ ዘመቻው ንቅናቄውን አዳከመ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር የመጠቀም መብት ተፈቀደ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣው ሕዝብ ብዛት ያየ አይረሳውም ይባላል። ከአሥር ዓመት በፊት ፓርላማው ደጃፍ የተጮኸው ጥያቄ ሕግ ሆኖ ወጣ፤ ተማሪዎችም በደስታ ሰልፍ ወጡ።

ደቡብ ውስጥ የዘመቱት ልጆች የገበሬ ማኅበር ሲያደራጁ፣ ባለመሬቱ ጠመንጃውን ያስረክብ፣ ገበሬው ይታጠቅ አሉ፤ ደርጉ ደግሞ ያ ከኔ ትእዛዝ ውጭ ነው አለ። በብዙ ቦታ ዘማቾች ከፖሊስና ከአስተዳደር ጋር ተጋጩ፤ ብዙዎች ጥለው ተመለሱ፤ አንዳንዶች ተገደሉ። ርስት ባለበት ሰሜን ደግሞ ገበሬው የጎጃሙን ሥጋት ይዞ ጠበቃቸው። ከዚያ በኋላ ከተማ የተመለሰው ወጣት የጠበቀው ያ የድሮ ግቢ አልነበረም። መኢሶን ደርጉን ሂስ እየሰነዘርን እንደግፍ ብሎ ሲጠጋ፣ ኢሕአፓ ተቃወመ። ከአንድ ግቢ የወጡ ልጆች በየቀበሌው እርስ በርስ ተፈላልገው ተገዳደሉ፤ ቀይ ሽብር አንዱን ከሌላው ሳይለይ በላቸው።

መሬቱም ቢሆን የደረሰው በሌላ ትርጉም ነው። ተማሪው ላራሹ ሲል የመሬቱ ጌታ አራሹ ይሆናል ብሎ ነበር የሰማው ሰው። አዋጁ ግን አራሹ እንዲጠቀምበት እንጂ እንዳይሸጠው፣ እንዳያከራየው፣ በመያዣ እንዳይሰጠው ደነገገ። መፈክሩ ሁለት ቃል ስለነበር መንግሥት ሊሞላው የሚችል ባዶ ቦታ ነበረው፤ የሞላውም ማባዣ ማሽን የያዘው ሳይሆን ነጋሪት ጋዜጣን በእጁ ያደረገው ወገን ነው። ያ አንቀጽ ከደርግ በኋላም ቀጠለ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ተደንግጎ ገባ።